ጀልባው ሲያልፍ የሚጻፈው ዓረፍተ ነገር

ጥያቄ፦ «ሐይቁ ዳር ሆኜ በስልኬ በድምፅ ስጽፍ ያልተናገርኩት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይገባብኛል። አንዳንዱ ትርጉም የለውም፤ አንዳንዱ ግን እውነት ይመስላል። የእኔ ያልሆነውን በምን ልለየው?»

ጤና ይስጥልኝ። ከዓሣ አጥማጆች ጋር የተደረጉ ቃለ ምልልሶችን ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የመመለስ ሥራ ስለምሠራ፣ አብዛኞቹም ባሕር ዳር ከጀልባ መቆሚያው አጠገብ የተቀረጹ ስለሆኑ፣ ይህ ችግር የዘወትር ሥራዬ ነው። ስሕተቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የተነገረውን ቃል አዛብቶ መስማት ሲሆን ዓረፍተ ነገሩን ስለሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ዓይን ቶሎ ይይዘዋል። አስቸጋሪው ሁለተኛው ነው፤ ማንም ሳይናገር፣ ሞተር ወይም ነፋስ ብቻ በሚሰማበት ቦታ፣ ሰዋስዉ የተስተካከለ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል።

ምክንያቱ ፕሮግራሙ ድምፁን ብቻ ስለማይከተል ነው፤ ከተጻፈው ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችልም ይገምታል። ንግግሩ ጥርት ብሎ ሲሰማ ግምቱ ለድምፁ ይገዛል፤ በጩኸት ሲሸፈን ግን ግምቱ ብቻውን ይቀራል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚመልሰው ዊስፐር የተባለው ፕሮግራም ለምሳሌ ከኢንተርኔት በተሰበሰበ 680,000 ሰዓት በሚሆን ድምፅ የሠለጠነ ሲሆን፣ ንግግር የሌለበት ቦታ ሲገጥመው «ስለተከታተላችሁ እናመሰግናለን» እንደሚለው ያለ የቪዲዮ መዝጊያ መጻፉ በሰፊው ይታወቃል። ስለዚህ የዓረፍተ ነገሩ ማማር ስለ እውነተኛነቱ ምንም አይነግርዎትም።

በምን ይለያል ላሉት፣ እኔ አስቀድሜ የማየው ፕሮግራሙ ለዓረፍተ ነገሩ የመዘገበውን ጊዜ ነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ ስለ ዘንድሮው ምርት ተጠይቀው «በዚህ በኩል አምባዛ አልወጣም» ካሉ በኋላ፣ የሞተር ጀልባ እያለፈ ስለነበር ድምፁ እስኪርቅ ዝም አሉ። ጽሑፉ ላይ የወጣው ግን «በዚህ በኩል አምባዛ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰዎች ወደ ገበያ ሄደው ለልጆቻቸው የሚሆን ብዙ ነገር ገዝተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ» የሚል ነበር። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር አሥራ አምስት ቃላት አሉት፤ የተመዘገበለት ጊዜ ግን ሦስት ሰከንድ ብቻ ነው። በእርጋታ የሚናገር ሰው በአማርኛ በሰከንድ ሁለት ቃል ያህል ስለሚል፣ ያን ሁሉ በሦስት ሰከንድ ማለት አይሆንለትም። ተቃራኒውም ያጠራጥራል፤ ሦስት ቃላት ሃያ ሰከንድ ከያዙ በመካከሉ የጠፋ ንግግር ወይም ረጅም ዝምታ አለ ማለት ነው። አንድ ሐረግ ያለምክንያት ሦስት አራት ጊዜ ተደጋግሞ ሲመጣም እንዲሁ ቅጂውን ከፍቶ ማዳመጥ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። የሞተሩ ድምፅ ያየለው በግሱ መነሻ ላይ ስለነበር «አል» ተዋጠ፤ ፕሮግራሙም «ወጣም» ብሎ ከማስቀረት መጨረሻውን «ም» አብሮ ጣለውና «ወጣ» አለ። ቃላቱ ከጊዜው ጋር ይመጣጠናሉ፣ ርእሱም አልተለወጠም፤ ሰውየው የተናገሩት ግን ተገልብጧል። በአማርኛ አሉታው በግሱ ላይ ተጣብቆ ስለሚመጣ አንድ አጭር ድምፅ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ይህን የሚያጋልጥ ምልክት የለም። እኔ ጩኸት ያለበትን ቦታ ሁሉ፣ ጽሑፉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ግሶቹንና ቁጥሮቹን ብቻ እየለየሁ መልሼ አዳምጣለሁ።

ለዚህ ደግሞ ቅጂ ያስፈልጋል። በኪቦርዱ ማይክሮፎን በቀጥታ ሲጽፉ ብዙውን ጊዜ ድምፁ አብሮ አይቀመጥልዎትም፤ ስለዚህ ሐይቅ ዳር ከሆኑ አስቀድመው በድምፅ መቅጃ ይቅዱ፣ ወደ ጽሑፍ የሚመልሱት ከዚያ በኋላ ይሁን። ሥራ ከመጀመርዎ በፊትም በዚያው ቦታ ማይክሮፎኑን ከፍተው ግማሽ ደቂቃ ያህል ምንም ሳይናገሩ ይቆዩ። በዚያን ጊዜ የሚጻፍ ነገር ካለ ሁሉም የአካባቢው ድምፅ ሥራ ነው፤ የሚመጡትን ሐረጎችም ይያዟቸው፤ በኋላ በጽሑፍዎ መካከል ሲመለሱ ያውቋቸዋል። ምንም አለመጻፉ ግን ቦታው ንጹሕ ነው ለማለት አያበቃም፤ ጀልባው ገና አላለፈ ይሆናል።

ርቀቱንም ያስተካክሉ። ስልኩን ከአፍዎ ከአርባ ሴንቲሜትር ወደ አሥር ሲያቀርቡት ወደ ማይክሮፎኑ የሚደርሰው የድምፅዎ ኃይል አሥራ ስድስት እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ የጀልባው ግን ባለበት ይቀራል። ትንፋሽዎ እንዳይመታው ከአፍዎ ጎን ያድርጉት፤ ነፋሱ ከሐይቁ ሲመጣም ጀርባዎን ለሐይቁ ሰጥተው ስልኩን በሰውነትዎ ይከልሉት። ጩኸት ማጥሪያ ፕሮግራም ላይ ግን ብዙ አይተማመኑ፤ ከጩኸቱ ጋር የተነባቢዎቹን ድምፅ አብሮ ሲቆርጥ «አል»ን የመሰለውን አጭር ድምፅ ራሱ ሊያጠፋው ይችላል። ማጥሪያውን ከተጠቀሙም ያልተጣራውን ቅጂ አይደምስሱት፤ የሚያነጻጽሩት ከእርሱ ጋር ነው።