ከጫንጮ ማዶ ያለው የኖራ ድንጋይ፦ ከላቦራቶሪ ወረቀቱ በኋላ የሚመጣው ሥራ

ጥያቄ፦ «ከጫንጮ አልፎ ወደ ሙገር ሸለቆ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ በማኅበር የያዝነው ቦታ አለ። ድንጋዩን ላቦራቶሪ አስገብተን CaO 53%፣ MgO 0.8% ወጣ። እዚያው አካባቢ ጀሶም አለ። አንድ ባለሀብት ሲሚንቶ ፋብሪካ እተክልበታለሁ ይለናል። ውጤቱ ይበቃል ወይስ ሌላ ምን ያስፈልጋል?»

ውጤቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን የሚናገረው ላቦራቶሪ ስላስገባችሁት ድንጋይ ነው፤ ስለ ቦታው ገና ምንም አላለም።

ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት 56% CaO፣ ማለትም ካልሲየም ኦክሳይድ፣ ይይዛል። ስለዚህ 53 ማለት ከድንጋዩ 95 በመቶ ያህሉ ካርቦኔት ነው ማለት ነው። ይሄ ለሲሚንቶ ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ወደ እቶኑ የሚገባው የተፈጨ ድብልቅ CaO 43% ገደማ ቢኖረው ነው፤ የቀረው ሲሊካ፣ አሉሚናና ብረት ነው። ስለዚህ በንጹሑ ድንጋይ መካከል የሚገቡትን ግራጫ፣ ጭቃ የቀላቀሉ ንብርብሮች «ቆሻሻ» ብላችሁ አትናቋቸው። CaO 46 ሆኖ MgO፣ ማለትም ማግኒዢየሙ፣ ዝቅተኛ የሆነ ድንጋይ ሸክላውን ራሱ ይዞ ስለሚመጣ ለፋብሪካው ይጠቅመዋል።

መጀመሪያ ወረቀቱን ፈትሹት። ኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይሄዳል፤ ሪፖርቱ ላይ በማቃጠል የሚጎድል ክብደት ተብሎ የሚጻፈው እሱ ነው። CaOውን በ0.785፣ MgOውን በ1.09 አባዝታችሁ ደምሩት። በእናንተ ቁጥር 41.6 እና 0.9፣ በድምሩ 42.5 ይመጣል። ሪፖርቱ ላይ ያለው ቁጥር በአንድ ነጥብ ቢለያይ ችግር የለውም። 37 ወይም 38 የሚል ከሆነ ግን ወይ ትንተናው ተሳስቷል፣ ወይ ናሙናው ተቀላቅሏል። በጣም የሚገርመው፣ ይቺን ማባዛት ሳይሠሩ ስብሰባ የሚጠሩ ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ ቦታው እንምጣ። የሙገር ሸለቆ ድንጋዮች እንደ ዓባይ በረሃው ሁሉ ተደራርበው፣ ብዙም ሳያዘነብሉ የተኙ ናቸው። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት አለ፤ ከሥሩ የደብረ ሊባኖስ አሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ ቀይና አረንጓዴ የሚቀላቀልበት የሙገር ጭቃ ድንጋይ፣ ከዚያ የአንታሎ ኖራ ድንጋይ፣ ከእሱ ሥር ደግሞ ጀሶው፣ ማለትም ጂፕሰም፣ የሚገኝበት የጎሐ ጽዮን ንብርብር ይመጣል። ኖራ ድንጋዩ የሚታየው ወንዙ ስለቆረጠው ነው። ወደ ተራራው ውስጥ በገባችሁ ቁጥር ድንጋዩ ይቀጥላል፤ የሚጫነው ሽፋን ግን እየወፈረ ይሄዳል። በዚህ አካባቢ ቦታን ከቦታ የሚለየው በአብዛኛው ይሄ ነው። ገደሉ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው የሚያየው የድንጋዩን ውፍረት ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። ክሊንከር ከእቶኑ የሚወጣው፣ ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ነገር ነው። በቀን 3,000 ቶን ክሊንከር የሚያወጣ ፋብሪካ በዓመት 330 ቀን ቢሠራ 990,000 ቶን ያወጣል። ለአንድ ቶን ክሊንከር 1.3 ቶን ገደማ ኖራ ድንጋይ ብንይዝ በዓመት 1.29 ሚሊዮን ቶን ያስፈልጋል፤ በ30 ዓመት ወደ 39 ሚሊዮን። ድንጋያችሁ 30 ሜትር ይወፍራል፣ በቁልቁለቱ ላይ 2 ኪሎ ሜትር ይታያል እንበል። ከበላዩ ያለው መሬት ደልዳላ ሆኖ ወደ ውስጥ 300 ሜትር መግባት ከተቻለ 18 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል፤ በ2.5 ሲባዛ 45 ሚሊዮን ቶን። ከዚህ ላይ ለማይሆን ንብርብር፣ ለካባው ግድግዳና ለብክነት 20 በመቶ ሲነሳ 36 ሚሊዮን ይቀራል። ጠበብ ያለ ቢሆንም የሚያነጋግር ነው።

አሁን ሌላውን ሁሉ ሳትነኩ ቁልቁለቱን ብቻ 30 ዲግሪ አድርጉት። ወደ ውስጥ በገባችሁ በየ10 ሜትሩ ሽፋኑ ወደ 6 ሜትር ይጨምራል። ኖራ ድንጋይ ርካሽ ማዕድን ስለሆነ ብዙ ሽፋን ለማንሳት አቅም የለውም፤ 40 ሜትሩን ገደብ ብናደርገው የምትገቡት 70 ሜትር ብቻ ነው። ያ 10.5 ሚሊዮን ቶን ነው፤ ብክነቱ ሳይነሳለት እንኳ ለስምንት ዓመት ብቻ የሚሆን። ድንጋዩ ያው ነው፣ 53ቱም ያው ነው፤ ፋብሪካ ግን አይተከልበትም። ከዚያም በላይ ከኖራው በላይ ያለው ጭቃ ድንጋይ ደካማ ነው። እግሩ ሲቆረጥ ክረምት ላይ ይንሸራተታል፣ ስለዚህ ግድግዳው ዘንበል ተደርጎ መቆረጥ አለበት፤ ይሄም የሚነሳውን ሽፋን ይጨምረዋል። ለዚህ ነው ጂኦሎጂስት ከቁፋሮ በፊት ጥሩ የከፍታ ካርታ የሚጠይቀው።

ካርታው ተስፋ ከሰጠ ቀጣዩ ሥራ ገደሉን ንብርብር በንብርብር መጻፍ ነው። ከታች ጀምሮ ሜትር እየዘረጉ እያንዳንዱን ንብርብር ለብቻው ይለኩታል፣ ከዚያ በመዶሻና በመሮ ወጥ የሆነ ቀጭን ቦይ እየፈለፈሉ ናሙና ያነሳሉ። ጠንካራውና ነጩ ድንጋይ ጎልቶ ይወጣል፣ ለስላሳው ገባ ብሎ በአፈር ይሸፈናል። እጅ የሚሄደው ወደ ጎላው ነው፤ የ53 ዓይነት ውጤትም ብዙ ጊዜ የሚገኘው እንዲህ ነው።

እዚሁ ላይ ማግኒዢየሙን መያዝ ያስፈልጋል። በክሊንከር ውስጥ MgO ከ5% ማለፍ የለበትም። ካለፈ የተረፈው በእቶኑ ሙቀት ደርቆ የተቃጠለ ቅንጣት ይሆንና ኮንክሪቱ ከደረቀ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ውኃ እየሳበ ያብጣል፣ ኮንክሪቱንም ይሰነጥቀዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲሄድ የቀረው ሁሉ ስለሚከማች የድንጋዩ ቁጥር በክሊንከሩ ያድጋል፦ 3.5% ያለው ድንጋይ በ1.3 ሲባዛ 4.55 ይደርሳል፣ ከሸክላውና ከድንጋይ ከሰሉ አመድ የሚመጣው ሲጨመርበት ገደቡ ላይ ነው። ስለዚህ የካባው አማካይ ከ3% በታች እንዲሆን ይፈለጋል። ማግኒዢየም የበዛበት ድንጋይ፣ ዶሎማይት የሆነ አንድ የ2 ሜትር ንብርብር መሃል ላይ ቢኖር ለብቻው ነጥሎ ማውጣት ይከብዳል፤ ፍንዳታው ሁሉንም ያቀላቅለዋል። መስክ ላይ የሚለየው በ10% ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ኖራ ድንጋይ ላይ ጠብ ሲል ወዲያው ይንተከተካል፤ ዶሎማይት ግን ዝም ይልና በቢላ ፍቃችሁ ዱቄቱ ላይ ስታንጠባጥቡ ነው ቀስ ብሎ አረፋ የሚያወጣው።

ከዚያ ቁፋሮ። መጀመሪያ ከ400 እስከ 500 ሜትር ተራርቀው ጥቂት ጉድጓዶች ይቆፈራሉ፤ ድንጋዩ መቀጠሉ ሲረጋገጥ ወደ 200፣ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት ወደሚታሰበው ክፍል ደግሞ ወደ 100 ሜትር ይጠባል። የሚቆፈረው ኮር፣ ማለትም ድንጋዩን እንደ ዘንግ ክብ አድርጎ፣ በሚያወጣ ማሽን ነው። ኮሩ በቁመቱ ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ይተነተናል፣ ግማሹ በሳጥን ይቀመጣል። ናሙናው ከ1 እስከ 2 ሜትር ይሆናል፤ የንብርብር ድንበር ግን አይሻገርም።

በዚህ ደረጃ ሰውን የሚሸውደው የኮሩ መጉደል ነው። 3 ሜትር ተቆፍሮ 2.4 ሜትር ኮር ከወጣ፣ 60 ሴንቲሜትሩ የት ሄደ? ጠንካራው ድንጋይ አይጠፋም። በመቆፈሪያው ውኃ ታጥቦ የሚሄደው ሸክላው፣ ለስላሳው ንብርብርና በድንጋዩ ስንጥቅና ዋሻ የገባው ቀይ አፈር ነው። ስለዚህ ኮር በጎደለ ቁጥር ላቦራቶሪው የሚያየው ከእውነተኛው የጸዳ ድንጋይ ነው። ፋብሪካው ሥራ ሲጀምር ያ ሸክላ ከካባው ጋር አብሮ ይመጣል፤ ክረምት ላይ መፍጫውን ይደፍነዋል፣ የድብልቁንም መጠን ያዛባል። ሪፖርት ሲሰጣችሁ ከCaO ዓምድ በፊት ከተቆፈረው ስንት በመቶው ኮር ሆኖ እንደወጣ የሚያሳየውን ዓምድ እዩ። ከ90% በታች የሆኑት እርከኖች ከበዙ ውጤቱን በጥርጣሬ ያዙት።

ስለ ጀሶው አጭር ልበል። ፋብሪካ የሚተከለው ኖራ ድንጋይ ባለበት እንጂ ጂፕሰም ባለበት አይደለም። ሲሚንቶ ውስጥ የሚገባው ከ3 እስከ 5 በመቶ ብቻ ስለሆነ ከሩቅ በመኪና ሊመጣ ይችላል። ያለ እሱ ግን ሲሚንቶው ውኃ እንደነካው ይደርቃል፣ ለመለሰን ጊዜ አይሰጥም።

ለጀሶው የሚያስፈልገው ምርመራ ሌላ ነው። ጂፕሰም በጥፍር ይፋቃል፣ አሲድ ላይ አይንተከተክም። በጥልቀት ስትገቡ ግን ብዙ ጊዜ ውኃ ወደሌለው አንሃይድራይት ይለወጣል፤ እሱ ጥፍር አይበግረውም፣ እጅ ላይም ከበድ ይላል። ላይ ላይ ያለውን ዝናቡ መልሶ ጂፕሰም ስላደረገው የገደል ናሙና እዚህም ያሳስታል። የሚለየው የውኃው መጠን ነው። ንጹሕ ጂፕሰም SO3 የሚባለው የሰልፈር ኦክሳይድ 46.5%፣ ውኃ 20.9% አለው። SO3ው 40 ከሆነ ውኃው 18 መሆን አለበት። ውኃው 10 ብቻ ከወጣ ከናሙናው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው ጂፕሰም፣ 30 በመቶ ገደማው አንሃይድራይት ነው። እሱ በውኃ ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ የሲሚንቶውን የመድረቂያ ሰዓት ይቀይረዋል። ላቦራቶሪውንም አስጠንቅቁ፦ እርጥበቱን ለማድረቅ እንደ ሌላው ድንጋይ በ105 ዲግሪ ካስገቡት የጂፕሰሙ የራሱ ውኃ አብሮ መሄድ ይጀምራል፤ በ45 ዲግሪ ነው የሚደርቀው።

እንግዲህ ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ ለሌላ የተመረጠ ድንጋይ ትንተና አትክፈሉ። ቀያሽ ቀጥራችሁ ከኖራው የላይኛው ጠርዝ ጀምሮ ወደ ተራራው 300 ሜትር ድረስ የመሬቱን ከፍታ በአራት በአምስት መስመር አስለኩ፤ በዚያው መስመር የኖራውን ውፍረትና መሃል የሚገቡትን ንብርብሮች አስጽፉ። ባለሀብቱ ከመጣ እሱን አሳዩት። ቁፋሮውን በራሱ ወጪና በራሱ የምርመራ ፈቃድ ያስቆፍር፤ የግማሹ ኮር ሳጥን ግን እናንተ ዘንድ እንዲቀመጥ ውሉ ላይ አስገቡ።