መልስ፦ «UK» የተጻፈበት የዓሣ ጀልባ

«ወንድሜ ከአውሮፓ የላከልኝ ፎቶ ላይ የዓሣ ጀልባው ፊት ላይ UK 158 ይላል። የእንግሊዝ ነው ማለት ነው?»

አይደለም ወንድሜ፣ የሆላንድ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ፊደሎቹ የአገር ስም አይደሉም። ጀልባው የተመዘገበበትን ወደብ ነው የሚያሳዩት። UK ኡርክ የምትባል የሆላንድ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ድሮ ደሴት ነበረች፤ በ1939 እ.ኤ.አ. በግድብ ከየብስ ጋር ተገናኘች። 158 ደግሞ የጀልባው የራሱ ቁጥር ነው።

እኛ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ቆመን ታርጋ ላይ «አማ» ስናይ መኪናው የት እንደተመዘገበ እናውቃለን አይደል? ይሄም እንደዚያው ነው። የእንግሊዝ ጀልባ ቢሆን የወደቡን ፊደል ነበር የሚይዘው። ለምሳሌ PD ካለ ስኮትላንድ ውስጥ ያለችው ፒተርሄድ ናት።

የኖርዌይን መለየት ይቀላል፣ ምክንያቱም ቁጥሩ መሃል ይገባል። N-20-V ብታይ፣ N ኖርላን የሚባለው ክፍለ ሀገር ነው፤ V ደግሞ እዚያው ያለችው ወረዳ ቮጋን። ፊደል፣ ቁጥር፣ እንደገና ፊደል ካየህ መጀመሪያ ኖርዌይን ጠርጥር።

አንድ ፊደል ብቻ ሲሆን ግን ተጠንቀቅ። አንዱ ፊደል በሁለት አገር ሊሠራ ይችላል። ያኔ ወንድምህ የጀልባውን ኋላ ያንሳልህ። ብዙ ጊዜ ስሙና የወደቡ ስም እዚያ በሙሉ ይጻፋል፣ ባንዲራውም የሚሰቀለው በዚያ በኩል ነው። ባለቤቱ የየት አገር ሰው እንደሆነ ግን ከፊደሉ አታውቅም። የሆላንድ ሰዎች በእንግሊዝ ወደብ ያስመዘገቧቸው ጀልባዎች አሉ።