ካሬ ሉፕ መስክ ውስጥ ሲገባ፣ ሲያቋርጥና ሲወጣ፦ የኢኤምኤፍና የከረንት ግራፍ ጥያቄና መልስ

ለሁሉም ጥያቄ አንድ ምሳሌ እንያዝ። ጎኑ 10 ሴንቲሜትር የሆነ ካሬ የሽቦ ሉፕ፣ ስፋቱ 30 ሴንቲሜትር ወደሆነ ወጥ ማግኔታዊ መስክ ከግራ ወደ ቀኝ በሴኮንድ 5 ሴንቲሜትር ይጎተታል። መስኩ 0.4 ቴስላ ሲሆን አቅጣጫው ወደ ወረቀቱ ውስጥ ነው። የሉፑ ሬዚስታንስ 0.02 ኦም ነው። ሰዓት የምንቆጥረው የፊት ጎኑ የመስኩን ጠርዝ ከነካበት ቅጽበት ነው።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ እኔ የኢኤምኤፉን ግራፍ እንደ ተራራ ነው የምስለው፤ መሃል ላይ ከፍ ይላል። ሁሌ ይሰረዝብኛል። ምኑ ነው የተሳሳተው?

መልስ፦ የሣልከው የፍለክሱን ግራፍ ነው፤ እሱም ቢሆን ሹል ተራራ ሳይሆን አናቱ ጠፍጣፋ አምባ ነው። መጀመሪያ እሱን ሣል። ሉፑ ለመግባት 2 ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ በዚያ ጊዜ ፍለክሱ ከዜሮ ተነስቶ በቀጥታ መስመር 4 ሚሊዌበር ይደርሳል። የፊት ጎኑ ሩቁን ጠርዝ የሚነካው በ6ኛው ሴኮንድ ስለሆነ እስከዚያ ፍለክሱ አይለወጥም። ከዚያ እስከ 8ኛው ሴኮንድ ወደ ዜሮ ይወርዳል።

አሁን ከሥሩ በዚያው የሰዓት መስመር ሌላ ግራፍ አስምርና የአምባውን ተዳፋት ብቻ አንብብ። 4 ሚሊዌበር ለ2 ሴኮንድ ሲካፈል 2 ሚሊቮልት ነው፤ `BLv`ም ይህንኑ ይሰጥሃል። ስለዚህ ኢኤምኤፉ 2 ሚሊቮልት ላይ ጠፍጣፋ ሳጥን፣ ቀጥሎ 4 ሴኮንድ ዜሮ፣ ከዚያ በተቃራኒ ምልክት ያው ሳጥን ይሆናል። ከረንቱ ቅርጹ አንድ ነው፤ ለ0.02 ኦም ስታካፍለው ቁመቱ 0.1 አምፔር ይሆናል።

ሌላ ጠያቂ፦ መሃል ላይ ዜሮ ነው መባሉ አይዋጥልኝም። ሁለቱም ቋሚ ጎኖች መስክ እየቆረጡ አይደል?

መልስ፦ መቁረጣቸው እውነት ነው፤ በእያንዳንዳቸው 2 ሚሊቮልት ይፈጠራል። ግን ሁለቱም ወደ ላይ ነው የሚገፉት። በሉፑ ዙሪያ ስትሄድ አንዱን ሽቅብ፣ ሌላውን ቁልቁል ስለምታልፍ ይጣፋሉ። ሁለት ባትሪ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ተያይዞ ዙሩ ሲዘጋ ከረንት እንደማይዞረው ማለት ነው። ዜሮ የሆነው የዙሩ ድምር ነው እንጂ የላይኛውና የታችኛው ጎን የቮልቴጅ ልዩነት አላቸው።

የፊዚክስ መምህር፦ ተማሪዎቼ የመጀመሪያውን ሳጥን ግማሾቹ ከመስመሩ በላይ፣ ግማሾቹ በታች ይሥላሉ። የትኛውን ልቀበል?

መልስ፦ መምህር፣ ዋናው ተማሪው የመረጠውን አቅጣጫ መጻፉ ነው። ሉፑ ሲገባ ከረንቱ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ይዞራል፤ ይህን ፖዘቲቭ ያለ የመጀመሪያውን ሳጥን ከላይ ይሥላል። ነገር ግን በዚህ ምርጫ ወደ ወረቀቱ የሚገባው ፍለክስ ኔጌቲቭ ስለሚሆን አምባው ይገለበጣል። ፍለክሱን ፖዘቲቭ አድርጎ `ε = −dΦ/dt` የሚል ተማሪ ደግሞ የመጀመሪያውን ሳጥን ከታች ማድረግ አለበት። ስህተቱ ሁለቱን ሲያቀላቅል ነው።

መምህሩ፦ እኔ ግን ምርጫውን ካልጻፈ ነጥብ አልቀንስም፤ ሁለቱ ሳጥኖች ተቃራኒ ከሆኑ ይበቃኛል።

መልስ፦ እዚህ ላይ አልስማማም፤ ያለ አቅጣጫ ምልክቱ ምንም አይናገርም። የእርማቱ ውሳኔ ግን የእርስዎ ነው።

የላብራቶሪ ረዳት፦ የእኛ ማግኔት ጠባብ ነው፣ ወደ 6 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ሉፑ 10። ሙሉ በሙሉ ስለማይገባ መሃል ላይ ዜሮ አይኖርም አይደል? ደግሞ የሳጥኑ ማዕዘኖች ይከብብብናል።

መልስ፦ ዜሮው አለ፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። በ1.2 ሴኮንድ የፊት ጎኑ ከመስኩ ይወጣል፤ የኋላው የሚገባው በ2 ሴኮንድ ነው። በመካከል ባሉት 0.8 ሴኮንዶች ሁለቱም ቋሚ ጎኖች ከመስኩ ውጭ ናቸው፤ ፍለክሱም 2.4 ሚሊዌበር ላይ ይቆማል። ሁለተኛው ሳጥን በ3.2 ሴኮንድ ያበቃል። የሳጥኖቹ ቁመት አሁንም 2 ሚሊቮልት ነው፤ የተለወጠው ስፋታቸው ነው። ዜሮው ጨርሶ የሚጠፋው የመስኩና የሉፑ ስፋት እኩል ሲሆን ብቻ ነው።

የማዕዘኑ መክበብ የሥራ ስህተት አይደለም። የእውነተኛ ማግኔት መስክ ጠርዙ ላይ በድንገት አይቋረጥም፣ ቀስ እያለ ነው የሚሳሳው።

ሌላ ተማሪ፦ ሉፑን ገፍቼ ብለቀውስ? ያው ሳጥን ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሳጥኑ የሚመጣው ፍጥነቱ ቋሚ ሲሆን ነው፤ ለዚያም ሲገባም ሲወጣም በ0.004 ኒውተን ወደፊት መጎተት አለብሽ። ከለቀቅሽው ከረንቱ ራሱ ወደኋላ ይይዘዋል። ሉፑ ከጋሪው ጋር 100 ግራም ቢሆንና ሌላ ሰበቃ ባይኖር፣ ፍጥነቱ በእያንዳንዱ ሴንቲሜትር በሴኮንድ 0.8 ሴንቲሜትር ይቀንሳል። በ5 ሴንቲሜትር የጀመረው 6.25 ሴንቲሜትር ገብቶ ይቀራል፤ ሙሉ በሙሉ አይገባም። ኢኤምኤፉ ከ2 ሚሊቮልት ተነስቶ እየጎበጠ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ በየ1.25 ሴኮንዱ ወደ 37 በመቶው ይወርዳል። ሁለተኛ ሳጥን የለም።