የእንግሊዝኛ መሪ ቃልን ወደ አማርኛ ስለመመለስ፦ ጥያቄና መልስ

ዲዛይነሯ፦ ጋሼ፣ ለልምምድ ብዬ የኖኪያን «ኮኔክቲንግ ፒፕል» «ሰዎችን ማገናኘት» አልኩት። ትርጉሙ ልክ ሆኖ ሳለ ለምን አይጥምም?

መላሽ፦ እንግሊዝኛው ያለ ማሰሪያ ግሥ ይቆማል፤ የእኛ ጆሮ ግን ማሰሪያውን ይጠብቃል፤ ስለዚህም «ማገናኘት» ብቻውን ሲቀር ከሥራ ዝርዝር ላይ የተቀነጨበ ተግባር ይመስላል። «የሰዎች ግንኙነት» ብትይው ደግሞ ይብሳል፤ «ግንኙነት» የአልጋውንም ጉዳይ ስለሚጠራ ሰሚው የሚይዘው እሱን ነው።

ግሡን ጥለሽ «ሰውን ከሰው» ብትይ ያምራል፤ ይሁን እንጂ ክፍት የተተወን ሐረግ አንባቢው ራሱ ይሞላዋል፤ «ሰውን ከሰው» የሚለውን ለመሙላት ደግሞ «ያጣላል» እና «ይለያል» ቅርብ ናቸው። «ሰዎች ለሰዎች» የሚለውም ካርልሃይንዝ በም እ.ኤ.አ. በ1981 ያቋቋመው የእርዳታ ድርጅት ስም ሆኖ ስለሚታወቅ አይነካም። ስለዚህ ግሡ ይመለስና «ሰውን ከሰው ያገናኛል» ይሁን። ጮክ ብለሽ በዪው፤ አራት ምት፣ ትንፋሽ፣ አራት ምት፤ የ«ሆያ ሆዬ» ልክ፣ የቡሄ በሉ ቤት ነው። የእንግሊዝኛውን ምት መከተል አያስፈልግም፤ እነሱ የሚመቱት በቃሉ ውስጥ አንዱን ክፍል አጥብቀው በማንሣት ሲሆን እኛ ግን ቀለም ቆጥረን በትንፋሽ እንከፍላለን፤ መሪ ቃሉም በሕዝቡ ጆሮ ቀድሞ ያለ ቤት ካገኘ በቀላሉ ይያዛል።

አንድ አባል፦ ጋሼ ተሳስተዋል። «ሰውን ከሰው» ስድስት ፊደል ነው፤ «ያገናኛል» አምስት። እንዴት እኩል ሆነ?

መላሽ፦ የሚቆጠረው የሚሰማው ምት እንጂ ፊደል አይደለም! «ከሰው» ውስጥ ያለው «ው» እና «ሰውን» ውስጥ ያለው «ን» ራሳቸውን ችለው አይጮኹም፤ የፊተኛውን ይዘጋሉ እንጂ። ሰ፣ ውን፣ ከ፣ ሰው፤ ያ፣ ገ፣ ናኝ፣ ኛል። ሳድስን እያዳመጣችሁ ቁጠሩ።

የምግብ ቤት ባለቤት፦ እኔ ዶሮ ጠብሼ እሸጣለሁ። የኬንታኪ ዶሮ ቤትን «ፊንገር ሊኪን ጉድ» «ጣት ያስልሳል» ብዬ በራፌ ላይ ላስጽፈው?

መላሽ፦ አይሆንም፤ ገበታ ላይ ጣት መላስ እኛ ዘንድ ነውር ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1987 ቤጂንግ ሲገባ መፈክሩ በቻይንኛ «ጣትህን ቆርጥመህ ብላ» ዓይነት ትርጉም ይዞ ወጣ እየተባለ በሙያው ውስጥ እንደ መሳቂያ ይወሳል። ለእኛ ግን ያ ስሕተት የተባለው ነገር የጣፋጭ ምግብ ሙገሳ ነው፤ «እጅ ያስቆረጥማል» እንላለን። ምስሉን ሳይሆን አድናቆቱን ተርጉም የሚባለው ይህ ነው። ለበራፍህ ግን ከሰው ምርት የተወሰደ ሳይሆን ለራስህ የተጻፈ ይሻልሃል።

ሌላ ጠያቂ፦ የናይኪ «ጀስት ዱ ኢት»ስ?

መላሽ፦ በየጊዜው የሚመጣ ጥያቄ ነው። «በቃ አድርገው» ትእዛዝም ነው፣ «አድርገው ሄዱ» እንደሚባለው ያላለቀ ዐረፍተ ነገርም ነው፤ ለሴት አይሆንም፣ ለአንቱታም አይሆንም፤ «ው» ማንን እንደሚያመለክት ስለማይታወቅም ፌዘኛው ይሞላዋል። እንግሊዝኛውን እንዳለ መተው ይሻላል።

የሬዲዮ ባልደረባ፦ ለአንድ የድምፅ ማጉያ «ከሩቅ ይሰማል» የሚል ሐሳብ ቀርቦልናል። ችግር አለው?

መላሽ፦ በሬዲዮ የለውም፤ አንባቢው አጥብቆ ካነበበው ድምፁ ይሰማል። በወረቀት ላይ ግን ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ ላልቶ ሊነበብ ይችላል፤ ያን ጊዜ ዕቃው የሰውን ወሬ ከሩቅ የሚያዳምጥ ይሆናል። «ድምፁ» የሚለውን ከፊቱ ብታስገቡ ጥርጣሬው ይጠፋል። ምርቱን ለማያውቅ ሰው አንድ ጊዜ በድምፅ አንብቡለት፣ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ስጡት፤ የተረዳውንም በራሱ አፍ ያስረዳችሁ።

አዲስ አባል፦ ጥሩ መሪ ቃል እንዴት ይተረጎማል?

መላሽ፦ የምን ምርት? ለማን? የሚነበብ ነው የሚደመጥ? እነዚህን ሳትጽፍ አልመልስም።

አንድ አባል፦ የመሪ ቃል ምዝገባስ የት ነው?

መላሽ፦ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ጠይቁ።

የቋንቋ መምህሩ፦ ወደ ኖኪያው ልመለስ። «ያገናኛል» የደላላ ሥራ ነው፤ ቤት ፈላጊን ከአከራይ ያገናኛል እንደሚባለው። «ያቀራርባል» ቢባል ምቱ አምስት ቢሆንም ይሻላል።

ዲዛይነሯ፦ የሚቀራረቡት የተራራቁ ናቸው፤ የሽማግሌ ሥራ አስመሰልከው።

የቋንቋ መምህሩ፦ ስልክ የሚደወለው ለተራራቀ ሰው አይደለም እንዴ?

መላሽ፦ ምቱን በተመለከተ መምህሩ ልክ ነው። «ያቀራርባል» አምስት ምት መሆኑ ብቻም አይደለም፤ ውስጡ ኩርፊያ አለው፤ «ያገናኛል» ደግሞ የደላላ ሽታ እንዳለው አልክድም። እኔ ለደላላው አደላለሁ፤ እናንተ ሁለቱንም ለሰው አንብባችሁ የሰማችሁትን ጻፉልኝ።