ገቢያቸውን ያልነገሩን 150 ሰዎች

«600 ሰዎች የሞሉት መጠይቅ አለኝ። 150ዎቹ የገቢውን ጥያቄ ባዶ ትተውታል። አንዱ ጓደኛዬ ‹ሰርዛቸው› ይለኛል፣ ሌላው ‹በአማካዩ ሙላው› ይለኛል። የማንን ልስማ?»

በአማካይ መሙላቱን ይተውት። ለ150ዎቹ አንድ ዓይነት ቁጥር ሲሰጧቸው የገቢው ልዩነት ይጠባል። ኮምፒውተሩም 600 እውነተኛ መልስ ያገኘ ይመስለዋል። በእርስዎ ዳታ አማካዩ ምን ያህል ሊስት እንደሚችል የሚለካው ስታንዳርድ ኢረር ያለ አግባብ በሩብ ያህል ያንሳል። እርግጠኛ ያልሆኑበትን ነገር እርግጠኛ ሆነው ይጽፉታል ማለት ነው።

መሰረዝስ? መጀመሪያ ዝም ያሉት እነማን እንደሆኑ ይዩ። ባዶዎቹን በትምህርት ደረጃ ይቁጠሩ። (ባዶው 99 ተብሎ ተመዝግቦ ከሆነ አስቀድመው ፕሮግራሙ የጎደለ መልስ ብሎ ወደሚያነበው ምልክት፣ ወደ NA፣ ይቀይሩት።) እንበልና ከ300 ዲግሪ ካላቸው ሰዎች 120ው፣ ከ300 ዲግሪ ከሌላቸው ደግሞ 30ው ብቻ አልመለሱም። የመለሱት አማካይ ገቢ በቅደም ተከተል 12,000 እና 6,000 ነው። ባዶዎቹን ሲሰርዙ የሁሉም አማካይ 8,400 ይመጣል። ዝም ያሉት በትምህርት የሚመስሏቸውን ያህል ያገኛሉ ካልን ግን ትክክለኛው 9,000 ነው። መሰረዙ ባለ ዲግሪዎቹን ከድርሻቸው በታች አድርጓቸዋል።

መሰረዝ የሚያስኬድበት ቦታም አለ፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። የሚፈልጉት አማካይ ገቢን ሳይሆን ገቢና ትምህርት ከእርካታ ጋር ያላቸውን ግንኙነት በሪግሬሽን ማየት ነው እንበል። ዝምታው ከትምህርት፣ ከገቢም ቢሆን የመጣ ሆኖ፣ ትምህርታቸውና ገቢያቸው እኩል በሆነ ሰዎች መካከል ሲታይ ግን ከእርካታው ጋር ካልተያያዘ፣ መሰረዝ ውጤቱን አያዛባም። የሚያጡት የናሙና ብዛት ነው። ዝም ያሉት ያልረኩት ሰዎች ከሆኑ ግን አይሰርዙ።

ያኔ መልቲፕል ኢምፒዩቴሽን ይጠቀሙ። እያንዳንዱ ባዶ ከሌሎቹ መልሶች ተነስቶ ደጋግሞ፣ በየጊዜው በትንሹ እየተለያየ ይሞላል። ልዩነቱ ራሱ ያልታወቀውን ነገር መጠን ይናገራል። ሩብ ያህሉ ስለጎደለ 25 ጊዜ መሙላት ይበቃል። አር በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም እንዲህ ነው፦

```r
library(mice)
imp <- mice(d, m = 25, seed = 1)
fit <- with(imp, lm(satis ~ income + educ))
summary(pool(fit))
```

እርካታው `d` በተባለው ዳታዎ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ። «ውጤቱን ራሱን ለመሙያ መጠቀም ማጭበርበር ነው» ብለው የሚያወጡት አሉ። ካወጡት ግን የተሞላው ገቢ ከእርካታ ጋር ግንኙነት ያጣል፣ ግንኙነቱም ደክሞ ይታያል።

አንድ የማይፈታ ነገር አለ። ከባለ ዲግሪዎቹም መካከል በተለይ ብዙ የሚያገኙት ደብቀው ከሆነ፣ ዳታው ይህን ሊነግርዎት አይችልም። ስለዚህ የተሞሉትን ቁጥሮች በ20 በመቶ ከፍ አድርገው እንደገና ያስሉ። ከላይ ባለው ምሳሌ አማካዩ ከ9,000 ወደ 9,540 ይወጣል። መደምደሚያዎ በዚህ ከተቀየረ ሁለቱንም ቁጥር ሪፖርቱ ላይ ያስፍሩ።