ካልኩለስ አልገባኝም ብለሽ ፋይናንስን አትተይ

«ጋሼ፣ የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግና ፋይናንስ ተማሪ ነኝ። ሁለት አክሲዮኖችን ቀላቅሎ ቫሪያንሱን ዝቅተኛ የሚያደርገውን ድርሻ መምህራችን በዴሪቬቲቭ አውጥቶት ሄደ። እኔ ካልኩለስ አልገባ ብሎኛል። ፎርሙላውን ሸምድጄ ልለፍ? ወይስ አጎቴ እንደሚለው ፋይናንሱን ትቼ ቴለርነት ልወዳደር? ኮርስ ልግባ ብልም ብር የለኝም።»

አጎትሽ የቸኮሉት ለደመወዙ ነው፤ ቀሪው ሠላሳ ዓመት ግን ያንቺ ነው። ቴለርነትን አልንቅም፣ ሦስት ዓመት መስኮት ላይ ብር ቆጥሬያለሁ። ኮርሱን ተይው፣ እርሳስና ወረቀት ይበቃሻል።

መሸምደድ ያልሽው ግን አስደነገጠኝ፤ እኔን ጉድ ሠርቶኛልና። ከመስኮት ወደ ሪስክ ክፍል ለመዛወር ኢንተርቪው ስገባ ይችኑ ፎርሙላ በቃሌ ይዣት ነበር። ላይ የሚቀመጠውን ቫሪያንስ አገላበጥኩትና አብዛኛውን ብር ይበልጥ የሚዋዥቀው አክሲዮን ላይ አደረግሁት። ጠያቂው «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ። ማረጋገጫ መንገድ አልነበረኝም። ለቀጣዩ ዙር አንድ ዓመት ጠበቅሁ።

አሁን ወረቀት አውጪ። የመጀመሪያው አክሲዮን ድርሻ w ከሆነ የሁለተኛው 1 − w ነው። ቫሪያንሶቻቸው s1² እና s2²፣ ኮቫሪያንሳቸው c ይሁን።

```
V = w²·s1² + (1 − w)²·s2² + 2w(1 − w)·c
```

ቅንፉን ፍቺና w² ያላቸውን ለብቻ፣ w ያላቸውን ለብቻ ሰብስቢ። መጨረሻ ላይ ያለችውን 2 እንዳትረሺ፣ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ነው የሚወድቀው።

```
V = A·w² − 2B·w + s2²
A = s1² + s2² − 2c
B = s2² − c
```

ይህ ሁለተኛ ደረጃ የምታውቂው ኳድራቲክ ነው። ስኩዌሩን ሙይ፦

```
V = A(w − B/A)² + s2² − B²/A
```

w ያለው ስኩዌሩ ውስጥ ብቻ ነው። ስኩዌር ከዜሮ አይወርድም። A ደግሞ የሁለቱ አክሲዮኖች ትርፍ ልዩነት ቫሪያንስ ስለሆነ ኔጌቲቭ አይሆንም። ዜሮ የሚሆነው ሁለቱ እኩል እየዋዠቁ ፍጹም አብረው ሲሄዱ ብቻ ነው፤ ያኔ የትኛውም ድርሻ ያው ነው። ከዚያ ውጭ V የሚያንሰው ስኩዌሩ ዜሮ ሲሆን፣ ማለትም w = B/A ሲሆን ነው። የተረፈው s2² − B²/A ራሱ ዝቅተኛው ቫሪያንስ ነው። በዴሪቬቲቭ ብትሄጂ w ካገኘሽ በኋላ መልሰሽ መተካት ነበረብሽ፤ እዚህ በነፃ መጣልሽ።

በቁጥር እንየው። የመጀመሪያው አክሲዮን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 20 በመቶ፣ የሁለተኛው 30፣ ኮሪሌሽናቸው 0.2 ይሁን። ቫሪያንሶቹ 400 እና 900፣ c ደግሞ 0.2 × 20 × 30 = 120 ነው። A 1060፣ B 780 ይወጣል። w ወደ 0.736 ነው። ዝቅተኛው ቫሪያንስ 326 ገደማ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 18 በመቶ ግድም። ልብ በይ፣ ከረጋው አክሲዮን ከራሱ ያንሳል። ይበልጥ የሚዋዥቀውን ትንሽ ጨምረሽበት ረጋ!

እኔ ያጣሁት ማረጋገጫ ይኸውልሽ። ከመልሱ ግራና ቀኝ ያሉ ድርሻዎችን የመጀመሪያው ቀመር ውስጥ አስገቢ። w 0.7 ሲሆን 327.4፣ 0.8 ሲሆን 330.4 ይመጣል። በሁለቱም በኩል ከጨመረ ልክ ነሽ። አንዱ ከቀነሰ የሆነ ቦታ አገላብጠሻል።

ኮሪሌሽኑን 0.8 ብታደርጊው ደግሞ c 480 ይሆንና w 1.235 ይወጣል። አትደንግጪ፣ ስሌቱ አልተበላሸም። ሁለተኛውን አክሲዮን ተበድረሽ ሽጪና ብሩን የመጀመሪያው ላይ ጨምሪው እያለሽ ነው። ይህ የሚመጣው c ከትንሹ ቫሪያንስ ሲበልጥ ነው፤ እዚህ 480 ከ400 በልጧል። ተበድሮ መሸጥ ካልተፈቀደልሽ መልሱ ሁሉንም የመጀመሪያው ላይ ማድረግ ነው።

ፎርሙላው ስለ ትርፍ ምንም እንደማያውቅ ግን አትርሺ። ግብዓቶቹም ካለፈ ዋጋ የሚሰሉ ናቸው። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ነው ሥራ የጀመረው፤ ከጥቂት ወራት ዋጋ የተሰላ ኮሪሌሽን ዛሬ 0.2፣ ነገ 0.5 ቢልሽ አይግረምሽ። ኢንተርቪው ላይ ይህን ከተናገርሽ ከሸመደደው ተለየሽ። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን የባንኮችን የሪስክና የትሬዠሪ ክፍል ማስታወቂያ ከአሁኑ መከታተል እጀምራለሁ።

ዛሬ ማታ ደብተርሽን ዘግተሽ ያንኑ 20 እና 30 በኮሪሌሽን −1 ሥሪው። c −600 ነው። w ስንት እንደመጣና ቫሪያንሱ ምን እንደሆነ ጻፊልኝ።