ቀስተኛውና ባለ ጥሩሩ ፈረሰኛ፦ ጥያቄና መልስ

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የእንግሊዞች ረጅም ቀስት ጥሩር እየበሳ ናይት የሚባሉትን ባለ ጥሩር ፈረሰኞች ጨረሳቸው አይደል?

በከፊል። የሰንሰለት ጥሩር ከቅርብ ሊበሳ ይችላል። እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1415 በተዋጉበት በአዛንኩር የተሰለፈው ባለጸጋ የፈረንሳይ ናይት ግን ከራስ እስከ እግር ጠፍጣፋ ብረት ለብሷል፤ ደረቱን መብሳት ቀላል አልነበረም። ደካማው ጎን ፈረሱ ነው። በ1356 በፑዋቲዬ ጦርነት ፍላጻው ፊታቸው በብረት የተሸፈነ ፈረሶችን አልነካ ሲል፣ ቀስተኞቹ ወደ ጎን ዞረው ያልተሸፈነውን የኋላ አካል መቱ። ሥራው ያለው እዚያ ነው።

እና ፈረሱ ከተመታ ናይቱ በእግሩ አይዋጋም?

ይዋጋል፤ አዛንኩር ላይ አብዛኞቹ ፈረንሳዮች የመጡት በእግር ነበር። መጀመሪያ ግን ጥቂት ፈረሰኞች ከሁለቱ ጎን ቀስተኞቹን ሊደመስሱ ጋለቡ። ቀስተኞቹ የሾለ ካስማ ከፊታቸው ተክለው ጠበቋቸው። የቆሰሉት ፈረሶች በርግገው ተመለሱና በእግር የሚመጣውን የራሳቸውን ወገን ረገጡት። ሜዳው በሁለት ጫካዎች መካከል ጠባብ ነው፤ አዲስ የታረሰና በዝናብ የላቆጠ ነው። ፍላጻው ፊት ላይ ሲዘንብ ሰው አንገቱን ይደፋል፣ ወደ መሃል ይጠጋል። ተጨናንቀው እጃቸውን ማንሳት ሲያቅታቸው፣ ቀለል ያለ ልብስ የለበሱት ቀስተኞች መዶሻና መጥረቢያ ይዘው ገቡባቸው።

ተወጥሮ በቃታ የሚለቀቀው ቀስት፣ ክሮስቦው፣ አይሻልም ነበር? ማንም በቀላሉ ይማረዋል።

መማሩ ላይ ልክ ነህ። ችግሩ እንደገና ለመወጠር ጊዜ መፍጀቱ ነው። ስለዚህ ተኳሹ ትልቅ ጋሻ ያስፈልገዋል። በ1346 በክሬሲ ጦርነት ለፈረንሳይ የተሰለፉት ክሮስቦው ተኳሾች፣ የጄኖዋ ቅጥረኞች፣ ጋሻቸው ከኋላ ከጓዝ ጋር ቀርቶ ነበር። ፍላጻ ሲወርድባቸው አፈገፈጉ፤ የፈረንሳይ ናይቶች ከሃዲ መስለዋቸው ረግጠዋቸው አለፉ። በእኔ ግምት የዚያን ቀን ጥፋት የመሣሪያው ሳይሆን የአዛዦቹ ነው። ከምሽግ ግን ክሮስቦው አደገኛ ነው፤ የእንግሊዙን ንጉሥ ቀዳማዊ ሪቻርድን በ1199 የገደለው እሱ ነው።

እኔ ጂም ውስጥ ቀስት እለማመዳለሁ፤ አይከብድም። ለምን እንዲህ ይጋነናል?

ወንድሜ፣ ያንተ ለስፖርት ነው። በ1545 ከሰጠመችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከሜሪ ሮዝ ከወጡት ቀስቶች አብዛኞቹን ለመሳብ ከ45 ኪሎ በላይ ጉልበት ይጠይቃል። ይህ ከልጅነት ጀምሮ መልመድን ይፈልጋል። የእንግሊዙ ንጉሥ ሦስተኛው ኤድዋርድ በ1363 ሰው በበዓል ቀን ቀስት እንዲለማመድ ያዘዘው ለዚህ ነው።

ዞሮ ዞሮ ያሸነፈው ጭቃው ነው።

ብዙ የታሪክ ሰዎች ወደዚያ ያዘነብላሉ፤ ክርክሩ አልተዘጋም። እኔ ግን የፓቴን ጦርነት አስታውሳለሁ። በ1429 የፈረንሳይ ፈረሰኞች እንግሊዞቹ ካስማቸውን ተክለው ሳይጨርሱ ደረሱባቸው። ቀስቱ ያው ቀስት ነው፤ ቀስተኞቹ ግን ተበታትነው አለቁ።